ስቆም ይመጣል፣ ስተኛ ይጠፋል

*ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ባለፈው ሻወር ስወስድ በግራ በኩል፣ ከዘር ፍሬዬ በላይ፣ ትል የተጠቀለለ የሚመስል ነገር ዳሰስኩ። አያመኝም፣ ግን ወደ ማታ ይከብደኛል። ስተኛ አጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየነካሁ ሳየው ደግሞ በሁለቱም የዘር ፍሬዎች ጀርባ ገመድ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ፋርማሲ ሄጄ ሳያዩኝ የ7 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጓደኛዬ «ወይ ካንሰር ነው፣ ወይ መካን ያደርግሃል» አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። ለማን ላሳይ? ጂምስ ላቁም? አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።*

ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ለኔ ትልቁ ፍንጭ «ስተኛ አጣዋለሁ» ያልከው ነው። ስትቆም የሚሞላ፣ ስትተኛ የሚጎድል፣ በግራ በኩል ያለ፣ ያውም ከዘር ፍሬው በላይ የሚዳሰስ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ቫሪኮሴል ነው። በእጄ ሳልዳስስህ «በእርግጥ ነው» አልልህም። ነገር ግን የዘር ፍሬ ካንሰር እንዲህ እየመጣ አይሄድም። ቆመህም ተኝተህም እዚያው ነው።

ቫሪኮሴል የሚባለው ከዘር ፍሬ ደም ተቀብለው ወደ ላይ የሚመልሱት ሥሮች ሲሰፉና ደም ሲያቁሩ ነው። አንዳንድ ሰው እግሩ ላይ ተጠማዘው የሚወጡ ሥሮች አሉበት አይደል? ነገሩ ያው ነው፣ ቦታው ነው የተለየው። ደሙ ከታች ወደ ላይ መውጣት አለበት። እንዳይመለስ ሥሩ ውስጥ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። መዝጊያዎቹ በደንብ ካልገጠሙ ቆመህ በዋልክ ቁጥር ደሙ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሥሩም ይለጠጣል። ማታ ማታ የሚሰማህ ክብደት ከዚህ ይመጣል። ስትተኛ ደሙ ያለ ችግር ይመለሳል፣ ሥሮቹም ይሟሽሻሉ።

ለምን በግራ? የግራው ሥር ረጅም ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶም ከግራ ኩላሊት ሥር ጋር በቀጤ ማዕዘን ይገናኛል። የቀኙ ግን አጠር ብሎ፣ ጋደል ብሎ፣ ሆድ ውስጥ ካለው ትልቁ ደም መላሽ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ግፊቱ የሚበረታው በግራው ላይ ነው። ቫሪኮሴል በአብዛኛው በጉርምስና ይጀምራል፣ ከ100 ወንዶች 15 ያህሉም አለባቸው። ብዙዎቹ እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ያረጃሉ። በአንተ ጥፋት የመጣም አይደለም። ሥራህም ሆነ ስፖርቱ ወይም ብዙዎች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ራስን በራስ ማርካት አላመጣውም።

ነገር ግን የማያስተኛኝ የቫሪኮሴል ዓይነት አለ። በቀኝ በኩል ብቻ ከመጣ፣ በትልቅ ሰው ላይ በድንገት ከተነሳ፣ ወይም ተኝተህም ካልጎደለ፣ ሥሩን ከላይ የሚጫነው ነገር ሊኖር ይችላል። የኩላሊት ዕጢ አንዱ ነው። እንዲህ ሲሆን ከታች ያለውን ብቻ አይቶ ማሰናበት አይበቃም፣ ሆድም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የአንተ ከዚህ አይመደብም፣ ሐኪሙ ግን ሲያይህ እንዲያረጋግጠው ንገረው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ፣ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ይመስለኛል። በሁለቱም ጀርባ ያገኘኸው ኤፒዲዲሚስ ይባላል። ማንኛውም ወንድ አለው። ዘሩ ከዘር ፍሬው ከወጣ በኋላ የሚበስልበት የተጠቀለለ ቱቦ ነው። ከላይ ወፈር ብሎ ይጀምርና በጀርባ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ራሱን መዳሰስ የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚደነግጠው በሱ ነው። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆኑ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ይነግርሃል።

ስለ አዳሰሱ ደግሞ ልምከርህ፣ በየቀኑ የምታደርገው ልክ አይደለም። ቦታው ሲነካካ ይታመማል፣ ከዚያ ሕመሙ ሌላ ጭንቀት ይወልዳል። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። እንደውም የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2011 ምልክት ለሌላቸው ወንዶች በየጊዜው ራስን መመርመርን አልመከረም። ምክንያቱም በሽታው ብርቅ ነው፣ ዘግይቶ ቢገኝም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ ምርመራው ግን ብዙ ጤነኛ ሰው ያስደነግጣል። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። የራሱን አካል የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር ሲመጣ ቶሎ ይለያል ብዬ አምናለሁ። በየወሩ አድርግ ብዬ ግን አላስገድድህም። ዘር ፍሬው በልጅነቱ ሳይወርድ ቀርቶ የነበረ፣ ወይም አባቱ ወይም ወንድሙ የዘር ፍሬ ካንሰር የነበረበት ሰው ግን እንዲያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ። ስለ ልጅነትህ እናትህን ጠይቃት፣ እሷ ታውቃለች።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሙቅ ውሃ ከታጠብክ በኋላ ይሁን፣ ቆዳው ስለሚላላ። ቁም። በሁለት እጅህ አንዱን የዘር ፍሬ ያዝ፤ አውራ ጣትህን ከፊት፣ ሌባ ጣትህንና መሐል ጣትህን ከኋላ አድርግ። ሳትጫን በጣቶችህ መሐል አንከባልለው። ጤነኛ የዘር ፍሬ ሲነካ ልጡ እንደተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ለስላሳ፣ ግን ጠንከር ያለ፣ ዙሪያው ሁሉ እኩል። ከዚያ ከኋላው ገመዱን ፈልግና ከፍሬው ለየው። በመጨረሻ ከላይ ወደ ብሽሽት የሚወጣውን ጭራ ዳስስ፣ ያንተ ሥሮች ያሉት እዚያ ነው። ሌላኛውንም እንዲሁ አድርግ። ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉ፣ አንዱም ከሌላው ትንሽ ተለቅ ያለ መሆኑ የተለመደ ነው።

ቫሪኮሴልህን ለማየት ደግሞ ቆመህ ትንፋሽህን ያዝና ሽንት ቤት ላይ እንደምታምጠው አምጥ። ሥሮቹ ሲሞሉ ይሰማሃል። ከዚያ ጋደም በልና አምስት ደቂቃ ቆይተህ እንደገና ዳስስ። ሐኪሞችም ደረጃ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ስታምጥ ብቻ የሚዳሰሰው አንደኛ ደረጃ ነው። ሳታምጥ ቆመህ የሚዳሰሰው ሁለተኛ፣ ከሩቅ በዓይን የሚታየው ሦስተኛ ነው። እንደጻፍክልኝ ከሆነ የአንተ ሁለተኛ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ስትዳስስ ራስህን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያገኘሁት ነገር ዘር ፍሬው *ላይ* ነው ወይስ ከፍሬው *ውጭ*? ከፍሬው ውጭ፣ ከላይ ወይም ከኋላ ያለ ነገር ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። የኤፒዲዲሚስ የውሃ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ቡአ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከብሽሽት ወርዶ ስታስል ይገፋል፣ ስትተኛ ደግሞ ወደ ሆድ ሊመለስ ይችላል። በፍሬው ዙሪያ ውሃ የቋጠረም ሊሆን ይችላል። ጋምቤላና ቤኒሻንጉል አካባቢ የኖረ ሰው ከሆነ፣ እዚያ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፈው ትል ይህን ዓይነት ውሃ ያመጣል። ከኋላ የሚዳሰስ፣ የማያምም፣ ጠጠር ያለ እባጭ ደግሞ አልፎ አልፎ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ እዚያ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ሳልና የክብደት መቀነስ ካለ ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ሁሉም መታየት አለባቸው፣ ግን ሩጫ አይጠይቁም።

ዘር ፍሬው ላይ፣ ከሥጋው ጋር አንድ የሆነ ጠንካራ እባጭ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የአተር ፍሬ ቢያክልም ቸል አትበለው። በአብዛኛው አያምም፣ ብዙ ወጣት የሚዘገየውም ለዚህ ነው። «ካላመመኝ ምን አለበት» ይላል። አንዳንዴ እባጭ ሳይኖር ፍሬው በሙሉ ጠንክሮና ከብዶ ይገኛል። ይህ ካንሰር ከሌሎቹ በተለየ የሚበዛው በአንተ ዕድሜ ነው፣ ከ15 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሳ። ዕጢ ከመሰለ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ከዚያም ቀዶ ሐኪሙ ፍሬውን በብሽሽት በኩል ያወጣዋል። በዘር ከረጢቱ ቆዳ በኩል መርፌ መውጋት ወይም መብጣት የለበትም፣ ዕጢው አዲስ የመሰራጫ መንገድ ሊያገኝ ይችላልና። «ትንሽ ልብጣውና መግሉ ይውጣ» የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ነጭ ጋውን ቢለብስም ባይለብስም፣ አትፍቀድለት። ቶሎ ከተገኘ ከ10 ታማሚዎች ከ9 በላይ ይድናሉ። በአንድ የዘር ፍሬ መውለድም ይቻላል። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ከሆነ ግን የልጅ ነገር አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ጉዳይ አለ። በድንገት የመጣ ኃይለኛ ሕመም፣ ፍሬው ወደ ላይ ተስቦ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ ካለ፣ ፍሬው በተንጠለጠለበት ጭራ ላይ ተጠማዝዞ ደሙ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበዛል። በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው የመዳን ዕድሉ በፍጥነት ይቀንሳል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሕመሙ ከጀመረ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም። ማስታገሻ ገዝቶ መተኛትም የለም። ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ መሄድ ነው። ታናሽ ወንድም ካለህ ይህን ንገረው፣ ልጆች አፍረው የሚደብቁት ይሄንኑ ነው። የማይመለስና የሚያምም ቡአ፣ ከማስመለስ ጋር፣ እንዲሁ የዚያው ሌሊት ጉዳይ ነው።

ፋርማሲው የሰጠህ አንቲባዮቲክ ለኢንፌክሽን ነበር። ኢንፌክሽን ቢሆን ኖሮ በቀናት ውስጥ ሕመሙ እየጨመረ፣ ቦታው እየሞቀ፣ ሽንት እያቃጠለ፣ ምናልባትም ትኩሳት ይመጣ ነበር። በጆሮ ደግፍ የታመመ ወጣትም ከሳምንት ገደማ በኋላ ፍሬው ሊያብጥበት ይችላል። የሰፋ ሥር በመድኃኒት አይጠብም። ስለዚህ ለውጥ አለማየትህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሌላ ዙር ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ እንዳትገዛ ግን።

ስለ ልጅ መውለድ። ጓደኛህ ግማሽ እውነት ይዟል። ዘር የሚመረተው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቦታ ነው፣ ፍሬው ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለውም ለዚህ ነው። የቆመ ሞቃት ደም አካባቢውን ያሞቃል፣ በአንዳንዶች ላይም የዘሩ ብዛትና እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ልጅ አልመጣልንም ብለው ከሚመረመሩ ወንዶች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ቫሪኮሴል ይገኝባቸዋል። ግን ወደ ኋላ ተመልሰህ ከ100 ወንዶች ቫሪኮሴል ያለባቸውን 15ቱን አስብ። ከነሱ አብዛኞቹ ያለ ምንም ችግር አባት ይሆናሉ። ስለዚህ ቫሪኮሴል ስላለብህ ብቻ መካን ነህ የሚልህ ሰው፣ የሌለ ነገር ነው የነገረህ። ወሲብ ለመፈጸም ያለህንም አቅም አይነካም።

ለማወቅ የምትፈልግ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማድረግ። ከ2 እስከ 7 ቀን ከወሲብ ታቅበህ ናሙናውን ትሰጣለህ። ቤትህ ከሰጠኸው ከሰውነትህ ጋር አስጠግተህ እየሞቀ በ1 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው። ከዚያ በታች መሆን አይወልዱም ማለት አይደለም፣ ጊዜ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ውጤቱ ደከም ካለ ከሳምንታት በኋላ ድገመው። ባለፉት ሁለት ወራት ትኩሳት ይዞህ ከነበረ ቁጥሩ በሱ ምክንያት ብቻ ሊወርድ ይችላል፣ ዘሩ ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት። ጥሩ ከሆነ ደግሞ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ማየት ይበቃል። ለሠርጉ ስትል የግድ አድርግ አልልህም። ለእጮኛህ ግን ብትነግራት እወዳለሁ። ልጅ ቢዘገይ በዚህች አገር መጀመሪያ ወደ ሐኪም የምትጎተተው ሴቷ ናት።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ማን ነው? በእጅ የሚዳሰስ ቫሪኮሴል ያለበት፣ ውጤቱ የደከመና ሚስቱ ዓመት ሞክራ ያላረገዘች ሰው አንዱ ነው። ሕመሙ በሌላ መንገድ አልቆም ያለው ሌላው ነው። ፍሬው ከሌላኛው በግልጽ እያነሰ የሄደበት ታዳጊም አለ። አልትራሳውንድ ላይ ብቻ የታየ፣ በእጅ የማይዳሰስ ትንሽ ቫሪኮሴል ግን አይቀደድም። የሪፖርቱ ወረቀት ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። አሠራሩ ብሽሽት ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ የሰፉት ሥሮች አንድ በአንድ መታሰር ነው። ደም የሚያመጣው ቧንቧ ሳይነካ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሐኪም ከተገኘ የመመለስ ዕድሉና ከኋላ ውሃ የመቋጠሩ ችግር ያንሳል፤ ስለዚህ «በማይክሮስኮፕ ነው የሚሠሩት?» ብለህ ጠይቅ፣ ነውር የለውም። ለውጡን ለማየት ከ3 እስከ 6 ወር ይጠብቁሃል።

ለማን ላሳይ ላልከው፣ ጤና ጣቢያ ጀምር፣ ካስፈለገ ወደ ዩሮሎጂስት ወይም ወደ ቀዶ ሐኪም ሪፈር ይጽፉልሃል። ስትገባ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። «በግራ በኩል፣ ከዘር ፍሬዬ በላይ እብጠት አለኝ፣ ስቆም ይመጣል፣ ስተኛ ይጠፋል፣ ማታ ይከብደኛል» ብትል ሐኪሙ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ቆመህና ተኝተህ ሊያይህ ይገባል። ተኝተህ ብቻ ካየህና «ምንም የለም» ካለህ፣ ቆሜም ይዩኝ በል። ሴት ሐኪም ብትሆን ወንድ እንዲያይህ መጠየቅ ትችላለህ፣ አይቆጡህም። ከዚህ ሳምንት ወይም ከሚቀጥለው አታሳልፈው፣ እንደ ድንገተኛ ግን አትሩጥ።

ጂሙን አታቁም። የሚያባብሰው ትንፋሽ ይዞ ከባድ ክብደት ማንሳት ነው፤ ሲሚንቶ ከመሬት ስታነሳም ያው ነው። ስታነሳ ትንፋሽህን አውጣ፣ ክብደቱን ለጊዜው ቀንስ። ሥራ ላይ ልቅ ቁምጣ ሳይሆን ከታች የሚደግፍ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ልበስ። ምሳ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ጋደም የምትልበት ካርቶን ካገኘህ፣ ማታ የሚመጣው ክብደት ይቀልልሃል። በጣም ካመመህ ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ መውሰድ ትችላለህ፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለብህ። ከሐኪሙ ስትመለስ ያለህን ጻፍልኝ።